ማስታወቂያ ላልወጣበት ሥራ ደብዳቤ ስትጽፉ

ወልቂጤና ቡታጅራ ላላችሁ አዲስ የሲቪል ምሕንድስና ተመራቂዎች፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጥረው በማስታወቂያና በውድድር ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ይበልጥ የሚሠራው የግል ተቋራጭና አማካሪ ድርጅት ዘንድ ነው።

ብዙዎች «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ብለው ይጀምራሉ። ጸሐፊዋ ይህን ስታይ መልሷ «ክፍት ቦታ የለም» ነው፤ ደብዳቤው ኢንጂነሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ ላይ ሥራውን ጥቀሱ፦ «በቴክኦፍና በክፍያ ሰርተፍኬት ዝግጅት ለማገዝ ፍላጎቴን ስለመግለጽ»። ተቋራጭ ገንዘቡን የሚያገኘው የሠራው ተለክቶ ክፍያ ሲጸድቅለት ነው፤ ሰነዱ ሲዘገይ ክፍያውም ይዘገያል። ይህን ሥራ የሚያግዝ ሰው ማስታወቂያ ባይወጣም ሊፈለግ ይችላል።

ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ፦ «በከተማችን የምትገነቡትን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አይቻለሁ። በልምምድ ወቅት የኮንክሪትና የብረት መጠን ከፕላን ላይ አውጥቻለሁ፤ አንድ ገጽ ናሙና አያይዣለሁ።» ናሙናው ከውጤት ሰነዳችሁ በላይ ይናገራል፤ ግን ራሳችሁ የሠራችሁት ይሁን፣ ቁጥሩን እየጠቆሙ ይጠይቋችኋልና። «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» የሚለውን አውጡት፤ የት እንደምትመደቡ አይናገርም።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንዱን ስታስገቡ በሌላው ላይ የደረሰበትን ቀን አስጽፉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ይዛችሁ ጠይቁ።