«እንደ ሥራው ሁኔታ» የሚለው ሐረግ ውስጥ የሚጠፋው ሰዓት

የሆቴል የቅጥር ውል አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ደመወዙ በአኃዝም በፊደልም ይጻፋል፤ ከሥራ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። የሥራ ሰዓት ላይ ሲደረስ ግን ብዙ ውሎች «ሠራተኛው እንደ ሥራው ሁኔታ በሚወጣለት ፕሮግራም ይሠራል» ብለው ያልፋሉ። ለአስተናጋጅ፣ ለእንግዳ ተቀባይ፣ ለወጥ ቤትና ለጽዳት ሠራተኛ ከደመወዙ ቁጥር እኩል መነበብ ያለበት ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

ውሉ ዝም ቢልም ሕጉ ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ገድቦታል። ከሕጉ ያነሰ ጥቅም የሚሰጥ ውል ቢፈረምም ሠራተኛውን አያስርም። እዚህ ላይ የሆቴል ሠራተኛ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ የሥራ ሰዓት የሚባለው ሠራተኛው በእጁ የሚሠራበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚቆይበትም ጊዜ ይቆጠራል። የምሳ እንግዳ ወጥቶ የራት እንግዳ እስኪገባ ድረስ ከግቢው እንዳትወጣ የተነገራት አስተናጋጅ እነዚያ ባዶ ሰዓታት የእሷ አይደሉም፤ የአሠሪዋ ናቸው። ቤቷ ሄዳ እንድትመለስ ከተለቀቀች ግን ነገሩ ይለያል። ስለዚህ ቀኑ ለሁለት በሚከፈልበት ፈረቃ የሚሠራ ሰው በመሐል ያለው ጊዜ ነፃ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በውሉ ላይ ማስጻፍ አለበት።

አሠሪውም ሕጉ የሰጠው መተንፈሻ አለው። የሆቴል ሥራ አንድ ሳምንት ሞልቶ ሌላው ስለሚቀዘቅዝ ሰዓቱን ከአራት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአማካይ ማስላት ይፈቀድለታል። ይህ ፍትሐዊ የሚሆነው ግን የሰዓት መዝገብ ሲኖር ነው። መዝገብ በሌለበት አማካይ የሚባለው ስሌት የሞላውን ሳምንት ብቻ ይዞ የቀዘቀዘውን ይረሳል።

አሁን በምሳሌ እንሂድ። አንዲት አስተናጋጅ መሠረታዊ ደመወዟ በወር 6,240 ብር ነው እንበል። ፈረቃዋ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው፤ ስምንት ሰዓት ሞላ። አንድ ቅዳሜ አዳራሹ ሰርግ ያዘና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቆየች። ሦስቱ ሰዓታት ትርፍ ሰዓት ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ በሌሊት ላይ ወድቀዋል፤ ምክንያቱም ሕጉ ሌሊት የሚለው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በሰዓት ደመወዝ ላይ በ1.5፣ ሌሊት የተሠራ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን የተሠራ በ2፣ በሕዝብ በዓል የተሠራ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል።

የሰዓት ደመወዟ ስንት ነው? ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚህ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በወር ሲመታ 208 ሰዓት ይሆናል፤ 6,240 ለ208 ሲካፈል 30 ብር ነው። አንዳንድ የደመወዝ ክፍል ግን ወሩን 30 የሥራ ቀን አድርጎ ለ240 ያካፍላል፤ ያኔ ሰዓቷ ወደ 26 ብር ይወርዳል። በመጀመሪያው ስሌት የሰርጉ ሌሊት 157 ብር ከ50 ሳንቲም ያስገኛል፤ በሁለተኛው 136 ብር ከ50። የ21 ብር ልዩነት ለአንድ ሌሊት ትንሽ ይመስላል፤ የሰርግ ወቅት ሲገባ ግን በየሳምንቱ ይደጋገማል። እረፍት ቀኗን የማይሠራበት ሰዓት አድርጎ የሚቆጥረው የ208 ስሌት ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ውሉ ላይም አካፋዩ ቁጥር በግልጽ ቢሰፍር ክርክሩ ከሥሩ ይደርቃል።

የሰርቪስ ቻርጅ ድርሻዋ በዚህ ስሌት ውስጥ እንደማይገባ ታውቅ። አዋጁ ከደንበኛ የሚሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያ ከደመወዝ አይቆጥረውም። «ደመወዝህ ትንሽ ቢሆንም ሰርቪስ ቻርጁ ያካክሳል» ተብሎ የተቀጠረ ሰው የትርፍ ሰዓቱ የሚሰላው በትንሿ ደመወዝ ላይ ነው። ሥራ ሲጀመር መደራደር የሚያስፈልገው ስለዚህ በመሠረታዊው ደመወዝ ላይ ነው።

ሌላው ጥያቄ ግዴታ አለባት ወይ የሚለው ነው። ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ የሚገደደው አሠሪው ሌላ መላ ሲያጣ፣ ያውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረውን ባልደረባ ለመተካት ነው። የሌሊቱ እንግዳ ተቀባይ ሲቀር የቀኑ እንዲቆይ መጠየቁ ከመጨረሻው ምክንያት ይገባል። ከወራት በፊት ቀብድ የተከፈለበት ሰርግ ግን አስቸኳይ ሥራ ሊባል አይገባውም፤ ሰው ጨምሮ ለመመደብ በቂ ጊዜ ነበረ። አስቸኳይ በሆነም ጊዜ ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ደግሞ በሌሊትም በትርፍ ሰዓትም አትመደብም።

ብዙዎች የማያውቁት የሕጉ ክፍተት የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው። ከላይ ያየናት አስተናጋጅ ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት የሠራችው ሌሊት ቢሆንም ከስምንቱ መደበኛ ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ጭማሪ የለውም። 1.75 የሚከፈለው ለትርፍ ሰዓት እንጂ ለሌሊትነቱ አይደለም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የሚወጣ እንግዳ ተቀባይ በአዋጁ ብቻ ከሄደ ከቀኑ ባልደረባው እኩል ይከፈለዋል። የሌሊት አበል፣ የመመለሻ መኪና፣ ፈረቃው በስንት ሳምንት እንደሚቀያየር፣ እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ከውሉ ወይም ከኅብረት ስምምነቱ ነው። ውሉ ባዶ ከሆነ ሌሊቱ በነፃ ነው።

የሳምንት እረፍትም በሌሊት ሠራተኛ ላይ ይሸራረፋል። እረፍቱ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ሆኖ ከንጋቱ 12 እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ያለውን ጊዜ መያዝ አለበት። እሁድ መሆኑ ግድ አይደለም፤ ሆቴል ሌላ ቀን ሊመርጥ ይችላል። ግን ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወጥቶ ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የገባ ሰው 24 ሰዓት ቢሞላም እረፍቱን በሕጉ ልክ አላገኘም፤ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነበር።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው 18 ቀን አለው። የሥራ ቀን ስለሆነ እረፍት ቀኑና በዓሉ ከዚህ አይቀነሱም። አሠሪው ፕሮግራሙን የሚያወጣው የሥራውን መሄድና በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት አይቶ ነው፤ ማስተላለፍ ቢያስፈልግም ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ሥራ ላይ እያሉ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ የተከለከለ ነው። በገንዘብ የሚከፈለው ውሉ ሲቋረጥ ለቀረው ቀን ነው።

ለማስረጃ ሲባል፣ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ትእዛዝ መሠራቱ መታወቅ አለበት። ሱፐርቫይዘሩ በቃል «ቆዪ» ብሎ በኋላ «ማን አዘዘሽ?» ሊባል ይችላል። ፕሮግራሙ በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጠፍ ከሆነ በየሳምንቱ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም የመግቢያና የመውጫ ሰዓትን በየዕለቱ በራስ ደብተር መጻፍ ይጠቅማል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው የሚቆጠረውም ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። የጥር ሰርግ ሒሳብ በጥር መጨረሻ መከፈል ከነበረበት፣ ክሱ ሐምሌ ከማለቁ በፊት መቅረብ አለበት።