አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የቲቢ በሽተኛ ማስታመም

የሳንባ ቲቢ የያዘው ሰው ያለበት ቤት ስትገቡ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ታያላችሁ። አንዱ ከሌላው ዕቃ ተለይቶ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሳህንና ብርጭቆ ነው። ሌላው ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ የተወተፈ መስኮት ነው። ሳህኑ የተለየው ቤተሰቡ እንዳይያዝ ሲሆን፣ መስኮቱ የተዘጋው ደግሞ ታማሚውን ብርድ እንዳይመታው ነው። ሁለቱም በፍቅር የተደረጉ ናቸው። የተለየው ሳህን ግን ማንንም ከቲቢ አያድንም፤ የተወተፈው መስኮት ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ ሊያስይዝ ይችላል።

ምክንያቱ ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ታማሚው ሲያስል፣ ሲያነጥስ፣ ሲያወራና ሲዘፍን እጅግ ረቂቅ የሆኑ ጠብታዎች ከአፉ ይወጣሉ። ትልልቆቹ ወዲያው መሬት ይወድቃሉ። ትንንሾቹ ግን በአየር ላይ ደርቀው ይበልጥ ይቀልሉና ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። ሌላው ሰው የሚያዘው እነዚህን ወደ ውስጥ ስቦ የሳንባው ጫፍ ድረስ ሲደርሱ ነው። ሳህን ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ ወይም የበር እጀታ ላይ ያረፈው ባክቴሪያ ተመልሶ ተነስቶ እዚያ ጥልቀት ድረስ የሚደርስበት መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከታማሚው ጋር ከአንድ ገበታ መብላት፣ መጨባበጥ፣ ልብሱን አብሮ ማጠብና ለግቢው ሁሉ በሆነው መጸዳጃ ቤት መጠቀም ቲቢን አያስተላልፍም። ጉርሻም ቢሆን አያስተላልፍም። ይህ የሚሠራው ለቲቢ ነው፤ ለተቅማጥና ለኮሌራ ሌላ ሕግ አለ።

አሁን አንድ ቤት እንውሰድ። አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች የቀበሌ ቤት ናት፤ አንድ በርና አንዲት ትንሽ መስኮት አላት። ውስጧ እናት፣ ሳንባው ታሞ አክታው ላይ ቲቢ የተገኘበት የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ እህቱና የእህቱ የሦስት ዓመት ሕፃን ይኖራሉ። አልጋ አንድ ነው፤ ሌላው መሬት ላይ ይነጠፋል። ብዙ የጤና ጽሑፎች «ታማሚውን ለብቻው ክፍል አስተኙት» ብለው ያልፋሉ። እዚህ ቤት ሁለተኛ ክፍል የለም። ያለው አየር ብቻ ነው፤ ሥራውም አየሩን ማስኬድ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትለው «እማማ፣ መስኮቱን ይክፈቱት» ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ «ብርድ ይመታዋል እኮ ልጄ!» ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው ይህን ክርክር በደንብ ያውቀዋል። ብርድ ግን ቲቢን አያመጣም፣ ያለበትንም አያባብስም። ታማሚው ከበረደው ብርድ ልብስ ይጨመርለት፣ ራሱ ላይ ይጠምጥም፣ መስኮቱ ግን ይከፈት። አንዲት መስኮት ብቻዋን ብዙ አትሠራም፤ አየር መውጫ ብቻ ሳይሆን መግቢያም ይፈልጋል። በሩና መስኮቱ አብረው ሲከፈቱ፣ በተለይ ትይዩ ከሆኑ፣ ነፋሱ ክፍሉን አቋርጦ ያልፋል። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ በስምንት ሆስፒታሎች ተለክቶ በ2007 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በአማካይ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይቀየር ነበር። ለዚህ ሥራ የሚገጠም የአየር ማስወጫ ማሽን የሚታቀደው ለ12 ጊዜ ነው። ጣሪያቸው ከፍ፣ መስኮታቸው ሰፋ ያሉት አሮጌ ሆስፒታሎች ከዘመናዊዎቹ በልጠው ተገኝተዋል።

አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዕጣን ይበቃል። ታማሚው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሳለ በርና መስኮቱን ክፈቱና ትንሽ ዕጣን አጭሱ። ጭሱ ከበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ከሄደ የታማሚው ቦታ መስኮቱ ሥር ነው፤ የሕፃኑና የሌሎቹ ደግሞ በሩ በኩል ነው። እንዲህ ሲሆን ንጹሑ አየር መጀመሪያ እነሱን ነክቶ በታማሚው በኩል ይወጣል። ጭሱ ተቃራኒውን ከሄደ ቦታቸውን ቀያይሩ። ክፍሉ መሐል ቆሞ የሚሽከረከር ከሆነ አየሩ አልተንቀሳቀሰም ማለት ነው፤ ከጣሪያው ሥር ሌላ ቀዳዳ መክፈት ያስፈልግ ይሆናል። ነፋስ አቅጣጫ ስለሚቀይር ጠዋትም ማታም አንዴ አንዴ መሞከር ይሻላል።

ከባዱ ሌሊቱ ነው። ሰባት ስምንት ሰዓት ሙሉ በአንድ ክፍል፣ በር ተቆልፎ፣ አራት ሰው የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። በር ከፍቶ ማደር ደግሞ ሌባ አለ፣ ጅብም ያለበት ሰፈር አለ። መስኮቱ ላይ ፍርግርግ ብረት ወይም የሽቦ ወንፊት ቢመታበት ሌሊቱን ክፍት ሊያድር ይችላል፤ ከበሩ በላይም ክፍተት መተው ይቻላል። በበጋ ወራት በረንዳ ካለና ታማሚው አቅም ካለው ውጭ ማደርም መልካም ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው መጋረጃው ላይ ይመስለኛል። ታማሚው በመጋረጃ ሲጋረድ የተለየ ይመስላል፤ ባክቴሪያው ግን በላዩም በጎኑም ያልፋል። መጋረጃው ነፋሱን ከከለከለ ደግሞ ከጀርባው ያለው ሰው አየሩ ቆሞ በቀረበት በኩል ያድራል። ለገመና የሚያስፈልግ ከሆነ አጠር ያለ፣ የነፋሱን መንገድ የማያቋርጥ ይሁን። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል አስገብቶ መዝጋት ግን ከቲቢው በፊት በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ቀን ቀን ታማሚው ከሰው ጋር ክፍል ውስጥ ሲሆን ማስክ ቢያደርግ ጠብታው ከምንጩ ይያዛል። ማስክ ከሌለ ሲያስል አፍና አፍንጫውን በሶፍት ወይም በክንዱ ይሸፍን። ያልተከደነ አፍ ካለበት ክፍል ይልቅ አስታማሚዋ ማስክ ማድረጓ ይጠቅማት ይሆናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ተራው የሕክምና ማስክ ግን የተንሳፈፈውን ረቂቅ ጠብታ ለሚስበው ሰው ብዙም አይከላከልለትም፤ ጥቅሙ በታማሚው ፊት ላይ ሲሆን ይበልጣል። አክታውን ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይትፋና መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ፤ ሶፍቱ ይቃጠል። ጠያቂም ሲመጣ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ። ጠያቂን መመለስ በእኛ አገር ከባድ ነው፤ ውጭ መቀበል ግን ማንንም አያስቀይምም።

እዚህ ላይ በ1950ዎቹ በህንዷ ማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ የተደረገውን ሙከራ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ሐኪሞች የቲቢ ታማሚ ሳናቶሪየም ገብቶ ከሰው ተለይቶ ካልተኛ አይድንም፣ ቤተሰቡንም ይጨርሳል ብለው ያምኑ ነበር። በማድራስ ግን አልጋው ለታማሚው አልበቃም። ስለዚህ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ሳናቶሪየም አስገቡ፣ ግማሾቹን በተጨናነቁ የድሃ ቤቶቻቸው ውስጥ ያንኑ መድኃኒት ሰጧቸው። ሳናቶሪየም የገቡት የተሻለ ምግብና ዕረፍት ነበራቸው። ውጤቱ ሲታይ ቤት የቆዩት ከእነሱ ባልተናነሰ ዳኑ። ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ሲከታተሏቸው ደግሞ ሳናቶሪየም ከገቡት ቤተሰቦች ይበልጥ አልታመሙም። በሽታው የሚተላለፈው በአብዛኛው ገና ሳይታወቅ፣ «ጉንፋን ነው» እየተባለ በሚሳልባቸው ወራት ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ማስተላለፉ በፍጥነት ይወርዳል።

ለዚህ ነው ለቤተሰቡ ትልቁ መከላከያ የልጁ ኪኒን የሚሆነው። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደ ብዙ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ዋና የጥንቃቄ ጊዜ አድርገው ይወስዱታል፤ የእህትየውን ሕፃን ለዚህ ጊዜ ዘመድ ቤት ማሳደር ከተቻለ ጥሩ ነው። ሁለት ሳምንቱ የሚሠራው ግን መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የሚገድለው ከሆነ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሆነ ሕክምናውም የጥንቃቄው ጊዜም ይለያል። ልጁ በሁለተኛው ወር ክብደት ጨምሮ፣ ላቡ ቆሞ፣ «ድኛለሁ» ብሎ ኪኒኑን ሲተው የሚፈጠረው አንዱ አደጋ ይኸው ነው። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታው እንደገና የሚመረመረውም ሕክምናው እየሠራ መሆኑን ለማየት ነው። በነገራችን ላይ ሽንቱ ወደ ብርቱካናማ ሲቀየር ብዙ ሰው ደንግጦ ያቋርጣል፤ ይህ ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሚሰጠው ቀለም ነው። የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነና ማስመለስ ካለ ግን ጉበት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

ሕፃኑስ? ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከተያዘ በሽታው በጥቂት ወራት ውስጥ ሊነሳበት፣ ወደ አንጎል ሽፋንም ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ልጁ በታከመበት ጤና ጣቢያ መላው ቤተሰብ፣ ሕፃኑ በተለይ፣ መታየት አለበት። ሕፃኑ እንዳልታመመ ከተረጋገጠ በሽታው እንዳይነሳበት የመከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። ዓይነቱና ጊዜው እንደ ዕድሜው ይለያል፤ በየቀኑ ወይም በሳምንት አንዴ ለሦስት ወር የሚወሰድ አለ፣ ለስድስት ወር የሚሰጥም አለ። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት የቤተሰብ አባልም ከበሽታው ነጻ መሆኑ ከታየ በኋላ ይህንኑ ያገኛል። «ደህና ልጅ ለምን ኪኒን ይውጣል?» የሚሉ እናቶች አሉ፤ ባክቴሪያው ሳይታይ ተኝቶ ሊቆይ ስለሚችል ነው። የታመመችው የምታጠባ እናት ብትሆን ኖሮ ጡት መከልከል አያስፈልግም ነበር፤ ባክቴሪያው በወተት አይተላለፍም፤ ስታጠባ ማስክ ታድርግ፣ ሕፃኑም መድኃኒቱን ይጀምር።

በባክቴሪያው የተያዘ ሰው የመታመም ዕድሉ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከዚያ ቤት ማንም ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ቢይዘው፣ ወይም ሕፃኑ ክብደት መጨመር ቢያቆምና ትኩሳት ቢመላለስበት፣ ወደ የትኛውም ሐኪም ሲሄዱ መጀመሪያ የሚነገረው «ቤታችን የቲቢ በሽተኛ ነበረ» የሚለው ነው። የሕፃን ቲቢ አክታ ስለማይገኝለት ብዙ ጊዜ በምርመራ አይያዝም፤ ሐኪሙ የሚመራው በዚህ መረጃ ነው።