የ14 ሰው ብልጫ

አርባ ሰከንድ የሚፈጅ አጭር ቪዲዮ አለ እንበል። ጉዳዩ አይን የማያወጣ እንጀራ ነው፤ ጥፋቱ አብሲቱ ላይ እንደሆነ ያሳያል። ባለቤቷ የቸገራት መክፈቻው፣ ቲክቶከሮች «ሁክ» የሚሉት ነው። ፊቷን ወደ ካሜራው አድርጋ «እንጀራሽ አይን እምቢ ካለ ጤፉን አትውቀሺ» ብላ ትጀምር? ወይስ አንድ ቃል ሳትተነፍስ አክንባሎውን አንስታ፣ እንፋሎቱ ሲበተን አይኑ የሞላ እንጀራ ታሳይ? ሁለቱንም ሠራች። ከሦስተኛው ሰከንድ በኋላ ያለው በሁለቱም አንድ ነው። ሙዚቃውንና የሽፋን ምስሉንም አልነካችም፤ ነክታ ቢሆን ኖሮ የትኛው ለውጥ ሰው እንዳቆየላት ማወቅ ባልቻለች።

ቀጥሎ ምን እንደምትቆጥር መወሰን አለባት። አብዛኛው ሰው የሚያየው ስንት እይታ እንዳገኘ ነው። ይህ ቁጥር ግን ለሁክ ዳኛ አይሆንም። መድረኮቹ ቪዲዮን መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ያሳዩና እንደ አቀባበሉ ያሰፉታል፤ ስለዚህ ገና ሲጀመር በአጋጣሚ የተገኘች ትንሽ ብልጫ ኋላ ላይ በብዙ እጥፍ አድጋ ትታያለች። ሁኩን የሚመዝነው፣ ቪዲዮው ከመጣላቸው ሰዎች ውስጥ ከሦስተኛው ሰከንድ ያለፉት ከመቶ ስንት ናቸው የሚለው ነው። የተመልካቾችን መቆያ በሚያሳየው መስመር ላይ ይነበባል።

አሁን ውጤቱ መጣ እንበል። እያንዳንዱ ቪዲዮ 200 ሰው ዘንድ ደርሷል። በአክንባሎው የተጀመረው 120 ሰው አቆየ፣ በንግግር የተጀመረው 106። ስልሳ ከመቶ ከሃምሳ ሦስት ከመቶ ጋር ሲቀመጥ አሸናፊው የታወቀ ይመስላል። ግን ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሳንቲም እያንዳንዳቸው 200 ጊዜ ቢወረውሩ፣ በሁለቱ መካከል የ14 ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት ከስድስት ጊዜ አንዴ ገደማ ይወጣል። ሳንቲሙ አንድ፣ ወርዋሪውም ብልሃት የለው። የአክንባሎውም ብልጫ ከዚህ አይለይ ይሆናል።

ስልክ ላይ ባለው ካልኩሌተር የሚሠራ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ሁለቱ ቪዲዮዎች የደረሱት ሰው ብዛት ተቀራራቢ ከሆነ፣ የተመልካቾቹን ድምር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው። 200 እና 200 ሲደመር 400፣ ስኩዌር ሩቱ 20። ብልጫው ከ20 ሰው ካልዘለለ ዕድል ሊሆን ይችላል ብሎ መተው ይሻላል፤ 14 አልዘለለም። ያው ስልሳና ሃምሳ ሦስት ከመቶ ግን በ800 በ800 ሰው ላይ ቢገኝ ብልጫው 56 ሰው ይሆናል፤ የ1600 ስኩዌር ሩት ደግሞ 40 ነው። ያኔ አክንባሎው አሸነፈ ለማለት ያስደፍራል።

ይህ የሚሠራው ግን ስንት ሰው ሲሞላ እንደሚታይ አስቀድሞ ከተወሰነ ብቻ ነው። በየሰዓቱ እየከፈቱ፣ የወደዱት ሁክ ሲመራ ሲያዩ «በቃ፣ ታወቀ» ማለት መለኪያውን ያበላሸዋል። ደጋግሞ ለሚያይ ሰው፣ ዕድል ብቻውን አንድ ቀን መስመሩን ማለፉ አይቀርም።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ግን ተመልካቹ ነው። አንዱን ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ሌላውን ማታ ሦስት ሰዓት ብትለቅ፣ የመጀመሪያው ሲወጣ ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ሁለተኛው ሲወጣ ገና ከሰዓት በኋላ። ማታ የመጣላት ሰው አክንባሎ ካየ ዓመታት ያለፉት፣ ስለ ናፈቀው ብቻ የሚቆይ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ ሰዓት በተለያየ ቀን ብትለቅም፣ ተከታዮቿ ሁለተኛውን «ይሄን አይቼዋለሁ» ብለው ያልፉታል። ጥቂት ብር ማውጣት ለሚችል ሰው የተሻለው መንገድ በማስታወቂያ መሞከር ነው። የሜታም የቲክቶክም የማስታወቂያ ገጽ ተመልካቹን በዕጣ ለሁለት የሚከፍል የሙከራ አማራጭ አለው። ገንዘብ የሌለው ደግሞ አንድ ጊዜ አንዱኑ ቪዲዮ ከነሁኩ ምንም ሳይቀይር ሁለቴ ይልቀቅ። ምንም ባልተለወጠበት ስድስትና ሰባት ከመቶ ልዩነት ካየ፣ በዚያ መጠን ላይ ተመሥርቶ ሁክ መምረጡን ይተወዋል።

ሦስተኛው ሰከንድ ላይ ብቻም መቆም አይገባም። «ጤፉን አትውቀሺ» የሚለው ብዙ ሰው ይዞ አሥረኛው ሰከንድ ላይ ከጣለ፣ የሰጠውን ተስፋ ቪዲዮው አልሞላም ማለት ነው።

ትንሽ ተመልካች ላላት ሴት 800 ሰው መጠበቅ ሩቅ ሊሆን ይችላል። እሷ የምትችለው ያንኑ ጥያቄ በሌሎች ቪዲዮዎችም ማንሳት ነው፤ በሽሮው፣ በድርቆሹ፣ በዳቦው፣ አንዴ በምስል አንዴ በንግግር እየጀመረች፣ የቀደመውን ቅደም ተከተል እያቀያየረች በደብተር መመዝገብ። ከአምስቱ በአምስቱም ምስሉ ከመራ፣ በዕጣ ብቻ ይህ የሚገጥመው ከ32 ጊዜ አንዴ ነው። አራት ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ መምራት ግን በዕጣም ቢሆን ከአምስት ጊዜ አንዴ ገደማ ስለሚገጥም፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ሳትሠራ ብይን ባትሰጥ ይሻላታል።