የትውውቅ ንግግርን ቀርጾ ማድመጥ

የሰበካ ጉባኤ ተወካይ የልማት ሥራ ሊጎበኙ ለመጡ እንግዶች ራሱንና ሥራውን የሚያስተዋውቅበት ጊዜ አጭር ነው። ተናጋሪው አሳቡ በሚቀጥለው ቃል ላይ ስለሚሆን የት እንደተደናቀፈ፣ የትስ እንደተጣደፈ በዚያች ሰዓት አያስተውለውም። አስቀድሞ በእጅ ስልክ ቀርጾ ያደመጠ ግን ያገኘዋል።

ስልኩን ከአፍ አጠገብ ሳይሆን አራት እርምጃ ያህል አርቆ ማኖር፣ ቆሞ መናገር፣ ቢሳሳቱም ሳያቋርጡ መጨረስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ማድመጥ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። ስንናገር የራሳችንን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው፣ የተቀረጸው ቀጠን ብሎ ይገኛል። እንግዳነቱ እስኪለቅ ድረስ አንድ ጊዜ ምንም ሳይጽፉ ማድመጥ ይበቃል።

በሁለተኛው ጊዜ «እ...»፣ «ያው»፣ «ምንድን ነው» የመሳሰሉት መሙያ ቃላት ከነቦታቸው ይጻፉ። ከብዛታቸው ይልቅ የገቡበት ስፍራ ይበልጥ ያስተምራል። ለምሳሌ አንድ ምክትል ሰብሳቢ «የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ ነኝ፤ እ... ያው፣ ምንድን ነው፣ ጉድጓዱን በተመለከተ» ቢል፣ ሦስቱም የተከማቹት ከራሱ ወደ ሥራው በሚሻገርበት ላይ ነው። መሻገሪያው አልተዘጋጀም። መድኃኒቱም «ያው» ላለማለት መማል ሳይሆን፣ «አሁን ስለ ውኃ ጉድጓዶቹ አስረዳለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቶ ከፊቱ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ማለት ነው። ዝምታው ለተናጋሪው የረዘመ ይመስለዋል፤ በቅጂው ሲደመጥ ግን አጭር ነው። «እንግዲህ» በመክፈቻው አንድ ጊዜ ቢመጣ የቋንቋው ወግ ስለሆነ መንቀል አያሻም።

ጥድፊያ የሚበዛው በቃል በተያዘው ክፍል ነው፤ የእንግዶች ማዕርግና የራስ ስም አፍ ስለለመዳቸው ይዋጣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ትንፋሽ ሲያጥር የሚጠፋው እርሱ ነው። «ይቆፈራል» እና «ተቆፍሯል» ተድበስብሰው ከተነገሩ እንግዳው የታቀደውን እንደ ተፈጸመ ሊመዘግብ ይችላል፤ በኋላ በቦታው ሲያጣው የሚጠየቀው ኮሚቴው ነው።

ተናጋሪው የሚለውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ የተዋጠውን ቃል ጆሮው ይሞላለታል። ስለዚህ ቅጂውን ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሰምቶ የተናጋሪውን ስም፣ ስንት ጉድጓድ እንዳለቀና ስንት እንደቀረ መጠየቅ ይገባል። መልሱ በተሳሳተበት ስፍራ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር መክፈል ነው፦ «ሁለት ጉድጓዶች አቅደናል። የመጀመሪያው ተጠናቋል። ሁለተኛው ከክረምት በኋላ ይቆፈራል።» ከዚያም ያን ክፍል ብቻ ደግሞ መቅረጽና ለሌላ ሰው ማሰማት ነው። በጸጥተኛ ክፍል የተቀረጸ ድምፅ ግን በሚያስተጋባ አዳራሽ እንዴት እንደሚሰማ አያሳይም፤ በዚያ ከቅጂው ይልቅ ዘገም ማለት ያሻል።