ከሦስት ፖዘቲቭ አንዱ

ከሠርጋቸው በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ለማድረግ ጤና ጣቢያ የገቡ ሁለት እጮኛሞች አሉ እንበል። ጣታቸው ተወጋ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠበቁ። ሙሽሪት የእሷን መመርመሪያ ሰረቅ አድርጋ ስታይ ሁለት መስመር ወጥቶበታል። መመርመሪያው “99 በመቶ አይስትም” ሲባል ሰምታለች፤ ስለዚህ ነገሩ 99 በመቶ አለቀልኝ ብላ ደነገጠች። ባለሙያው ግን ሌላ መመርመሪያ እያወጣ “እህቴ፣ ይሄ ገና ውጤት አይደለም” አላት። ሊያጽናናት ብቻ አይደለም፤ ሒሳቡም ከእሱ ጋር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያለ መመርመሪያ ሁለት መስፈርት ያስቀምጣል። ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 99ኙን ፖዘቲቭ ማለት አለበት፤ ይህ ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 98ቱን ኔጌቲቭ ማለት አለበት፤ ይህኛው ስፔሲፊሲቲ ነው። ሁለቱም የሚለኩት እውነቱ አስቀድሞ በታወቀ ደም ላይ ነው። ሙሽሪት ግን እውነቱን አታውቅም፤ እጇ ላይ ያለው ውጤቱ ብቻ ነው።

የሕክምና ተማሪዎች በየስላይዱ የሚያዩት ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ ይህን ልዩነት ያወጣዋል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ ያለባቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሰዎች 0.9 በመቶ ነበሩ። እኛ ለሒሳቡ እንዲመች 1 በመቶ እናድርገውና 10,000 ሰው እንመርምር።

| | ቫይረሱ አለባቸው | የለባቸውም | ድምር |
|---|---|---|---|
| ፖዘቲቭ | 99 | 198 | 297 |
| ኔጌቲቭ | 1 | 9,702 | 9,703 |
| ድምር | 100 | 9,900 | 10,000 |

ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች ስናነብ የመመርመሪያውን ጥራት እናያለን፤ ከ100ው 99ኙን አግኝቷል፣ ከ9,900ው 9,702ቱን ነጻ ብሏል። ለሙሽሪት የሚያስፈልጋት ግን ወደ ጎን ማንበብ ነው። ፖዘቲቭ የተባሉት 297 ናቸው፤ ከእነሱ ቫይረሱ በእርግጥ ያለባቸው 99 ብቻ። 99ን ለ297 ስናካፍል ሲሶ እናገኛለን። ፖዘቲቭ የተባለ ሰው በእርግጥ ቫይረሱ ያለበት የመሆን ዕድል፣ ማለትም የፖዘቲቭ ውጤት የመተንበይ ዋጋ፣ ይህ ነው። 99 በመቶ መስሎ የታያት 33 በመቶ ሆኖ ቁጭ አለ።

መመርመሪያው ተበላሽቶ አይደለም። የጤነኞቹ ብዛት ነው። 2 በመቶ ስሕተት ትንሽ ይመስላል፤ የ9,900 ሰው 2 በመቶ ግን 198 ሰው ነው፣ በትክክል ከተገኙት እጥፍ። ያንኑ መመርመሪያ፣ አንድ መስመር ሳይለወጥ፣ ከአሥር ሰው አንዱ ቫይረሱ ወዳለበት ቡድን ብንወስደው 990 እውነተኛና 180 የውሸት ፖዘቲቭ ያወጣል፤ የመተንበይ ዋጋውም ወደ 85 በመቶ ይዘላል። ስለዚህ በአንድ አገር የተገኘን የመተንበይ ዋጋ ለሌላው ማውረስ አይቻልም። እኔ ስላይዶቹን የምወቅሳቸው እዚህ ላይ ነው፤ ቀመሩን ሲያስጠኑ፣ የሚለወጠው የተመርማሪው ሕዝብ መሆኑን አንዳንዴ በግርጌ ማስታወሻ ያልፉታል።

ወደ ሁለተኛው መመርመሪያ እንመለስ። አሁን የሚመረመሩት 10,000 ሳይሆኑ 297ቱ ናቸው፤ ከእነዚህ ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸው ከሦስት አንድ ናቸው። ጥራቱ ተመሳሳይ ከሆነ ከ99ኙ 98 ያህሉን፣ ከ198ቱ ደግሞ አራት ያህሉን ፖዘቲቭ ይላል። ከ102 ሰው 98፣ ማለትም 96 በመቶ ደረስን። የቀሩትን አራት ደግሞ ሦስተኛው መመርመሪያ ያጠራቸዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፖዘቲቭ ለማለት ሦስት ተከታታይ ፖዘቲቭ ውጤት እንዲገኝ የሚመክረው ለዚህ ነው። መመርመሪያዎቹ ግን የተለያየ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱን መመርመሪያ ያሳሳተው ደም ያንኑ ዓይነት መመርመሪያ ደግሞ ሊያሳስተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሒሳባችን ይፈርሳል።

ሙሽራውስ? የእሱ ኔጌቲቭ ነው። በሠንጠረዡ ከ9,703 ኔጌቲቭ ያመለጠው አንድ ብቻ ስለሆነ በእፎይታ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን መመርመሪያው የሚፈልገው ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሚያመርተውን ፀረ አካል ነው፤ ያ ደግሞ ለመፈጠር ሳምንታት ይፈልጋል። ከሁለት ሳምንት በፊት የተያዘ ሰው 99 በመቶው ከተለካባቸው ሰዎች ጋር አይቆጠርም። ባለሙያው እስክሪብቶውን አንስቶ “ወንድሜ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ለቫይረሱ ያጋለጠህ ነገር ነበር?” ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ከነበረ ሦስት ወር ሲሞላ ተመልሶ ይመረመራል።