ውሃው በየት ይውጣ?

ጫማ የሚገዛ ሰው ሶሉን ገልብጦ መጀመሪያ የሚያየው ጥርሱን ነው። ጥርሱ ትልቅና ጥልቅ ከሆነ «ይሄ አያንሸራትትም» ብሎ ይወስደዋል። ለዋልካ ጭቃ ከሆነ አልተሳሳተም። እርጥብ ሴራሚክ ላይ ግን ያው ጥርስ ሰው ይጥላል። እኔ የምሠራው የሶል ጎማ ማዘጋጃ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ይህንን ነገር በየጊዜው አስረዳለሁ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይበዛል።

ባለፈው ክረምት የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ሁለት ጥንድ ጫማ በፌስታል ይዘው መጡ። ሠራተኞቻቸው ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ በተደጋጋሚ ይወድቁባቸዋል። ጫማው ከሌላ ቦታ የተገዛ፣ ለግንባታ ሠራተኛ የሚሠራ ወፍራም ቦት ነው። «ልጄ፣ ከዚህ የበለጠ ጥርስ ያለው ካላችሁ ሥሩልኝ» አሉኝ። «እትዬ፣ ጥርሱ አላነሰም፤ እንዲያውም በዝቷል» ብዬ ሶሉን አብረን አየነው።

ሰው ሲራመድ ወለሉን ቀድሞ የሚነካው የተረከዙ የኋላ ጠርዝ ነው። ክብደቱ እዚያ ላይ የሚያርፈው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ውስጥ በጎማውና በሴራሚኩ መካከል ያለው ውሃ ተጨምቆ ካልወጣ እግሩ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው ለመውጣት የሚፈጅበትን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው የጥርሱ ስፋት ነው፤ ያውም በስፋቱ ልክ ሳይሆን በስፋቱ ካሬ። የጥርሱን ስፋት በግማሽ ብንቀንሰው ውሃው በሩብ ጊዜ ይወጣል። የሴትዮዋ ቦት ተረከዙ ላይ ያለው ጥርስ 20 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ያንኑ ቦታ በ5 ሚሊ ሜትር ጥርሶች ብንከፋፍለው፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ውሃው አሥራ ስድስት ጊዜ ፈጥኖ ይወጣል።

የወጣው ውሃ ደግሞ መሄጃ ያስፈልገዋል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ቦይ እስከ ሶሉ ጠርዝ ድረስ መከፈት አለበት። እንደ ማር እንጀራ የተዘጉ ጉድጓዶች ያሉት ሶል ለዓይን ቢያምርም ውሃውን እዚያው አፍኖ ይይዘዋል። ተረከዝ ላይ ቦዩ ወደ ጎን ቢሄድ ይሻላል፤ ምክንያቱም እግር የሚንሸራተተው ወደፊት ነው፤ አግድም የተደረደሩት የጥርስ ጠርዞችም ውሃውን እየጠረጉ ያልፋሉ። ለዚህ ሥራ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። ጥርሱ ቀጭን ሆኖ ከዚያ ብዙ ከረዘመ ይታጠፍና በጎኑ መርገጥ ይጀምራል።

እዚህ ድረስ ሥራው የቅርጹ ነው። ጥርሱ አብዛኛውን ውሃ ካባረረ በኋላ የምትቀረውን እጅግ ስስ ሽፋን የሚበሳው ግን የጎማው ውህድ ነው። ሴራሚክ ለስላሳ ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታይ ሸካራነት አለው፤ ለስላሳ ጎማ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ሲንሸራተት በእነዚያ ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ እየተለመጠና ቀስ ብሎ እየተመለሰ ኃይል ያጠፋል፤ እግርን የሚይዘው ከፊሉ ይህ ነው። የጎማ ጥንካሬ በሾር ኤ ይለካል። መለኪያውን በቦቱ ሶል ላይ ስጫነው 74 አነበብኩ። እንዲህ የደረቀ ጎማ ሸካራነቱ ውስጥ አይገባም፤ ከላይ ከላይ ያልፋል። ለወጥ ቤት የምንፈልገው 55 አካባቢ ነው።

ጎማን ማለስለስ ቀላል ይመስላል። ዘይት መጨመር ነው፤ ርካሹም መንገድ እሱ ነው። ግን ዘይቱ ከበዛ ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ላብ ሆኖ ይወጣና ሶሉን ራሱን ያንሸራትተዋል። ይህን ለማወቅ ሶሉን ነጭ ወረቀት ላይ ክብደት ጭኖ ማሳደር ይበቃል፤ ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይት ጥላ ካለ ያንን ጎማ እኔ አልቀበልም። ሌላው ተንኮል ዋጋ ለመቀነስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ማብዛት ነው፤ ጎማው ይደርቃል፣ ቶሎም ያልቃል። እኛ ለሴትዮዋ ያዘጋጀነው ናይትራይል ጎማ ነው፤ የተፈጥሮ ጎማ የወጥ ቤት ዘይት ሲነካው ያብጣል። ከካርቦን ብላኩ ከፊሉን በሲሊካ ተካነው። የመኪና ጎማ ሠሪዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስፋት የያዙት መንገድ ነው፤ ሲሊካ በእርጥብ መንገድ ላይ መያዝን ያሻሽላል። ዘይቱን ቀነስን፣ ድኙንም ጥንካሬው 56 እስኪሆን ድረስ አስተካከልነው።

ሙከራው ሆቴሉ ወለል ላይ ባለው ሴራሚክና እነሱ በሚጠቀሙበት ሳሙና መሆን ነበረበት። ጫማው ውስጥ ክብደት ጨምረን ጠቅላላውን 10 ኪሎ አደረግነው፤ የሳሙና ውሃ ባፈሰስንበት ሴራሚክ ላይ በሞላ ሚዛን አግድም ጎተትነው። የድሮው ቦት ከ2 ኪሎ በታች ሲነበብ መንሸራተት ጀመረ። አዲሱ ግን መጀመሪያ ላይ እምብዛም አልተሻለም! ከሞልድ የወጣ አዲስ ሶል የሚያብለጨልጭ ቆዳ አለው፤ የሞልድ ማላቀቂያው ቅባትም ይቀርበታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ አጥበን ስንጎትተው 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ደረሰ። ይህ አጎታተት የሚጠቅመው ሁለት ሶል ለማነጻጸር ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከሰው ክብደት በጣም ያንሳልና የላቦራቶሪ ቁጥርን አይተካም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ዓለም አቀፍ የደኅንነት ጫማ ደረጃ በሳሙና ውሃ በራሰ ሴራሚክ ላይ የሰበቃው መጠን ተረከዙ ሲረግጥ ቢያንስ 0.28፣ ሙሉ ሶሉ ሲረግጥ ደግሞ 0.32 እንዲሆን ይጠይቅ ነበር።

ይህ ሶል ያለውን ጫማ አድርጎ ዋልካ ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ጥቂት ሳይራመድ በአፈር ይታሸጋል። ጭቃ ውስጥ የሚይዘው ጎማው ሳይሆን ጭቃው ውስጥ ገብቶ አፈሩን የሚገፋው ጥርስ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ቁጥሩ ያንሳል፣ ክፍተቱ ከጥርሱ ይሰፋል፣ ግድግዳው ደግሞ ወደ ውጭ ዘመም ይላል፤ አለበለዚያ ጭቃው አይለቅም። ጎማው እንዳይታጠፍ ጠንከር ማለት አለበት። ሴራሚክ ላይ የሚጥለን ሁሉ እዚህ ሲሆን ያድነናል።

በእግር ብዛት የለሰለሰ የኮብልስቶን ድንጋይ በዝናብ ጊዜ ከሁለቱ ለሴራሚኩ ይቀርባል። ለስላሳ ውህድና ሰፊ ንክኪ ይፈልጋል፤ ጥልቅ ጥርስ ግን ድንጋዩን የሚነካውን ጎማ ይቀንሳል። ጥርሱ ካለቀ የመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ድንጋዩ ሲደርቅ ጥሩ ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን ውሃው መውጫ የለውም። በስለት አግድም ስንጥቅ ቢወጣበት ይሻሻላል። አሜሪካዊው ፖል ስፔሪ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ለጀልባ ወለል የሠራው ጫማ የያዘው በእንዲህ ዓይነት ቀጫጭን ስንጥቆች ነው። ስንጥቁ ሲረገጥ ይከፈታል፣ ጠርዞቹም ውሃውን ይጠርጋሉ።

ሴትዮዋ ጫማዎቹን ሲረከቡ «ስንት ጊዜ ያገለግላል?» ብለው ጠየቁኝ። ለስላሳ ጎማ ቶሎ ያልቃልና በወር መቁጠር አልፈለግሁም። በየሳምንቱ የተረከዙን የኋላ ጠርዝ እንዲያዩ ነገርኳቸው። ቦዮቹ ጠፍተው ልሙጥ የሆነው ቦታ ከትንሹ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ግርጌ ከሰፋ፣ ሌላው ሶል አዲስ ቢመስልም፣ ያ ጫማ ከወጥ ቤቱ መውጣት አለበት። ዘይት የፈሰሰበትን ወለል ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃ መጥረግ ዘይቱን ያሰፋዋል፤ በሙቅ ውሃና በቅባት ማጠቢያ ፍቀው፣ አጥበው፣ በጎማ መጥረጊያ እንዲያደርቁት ተነጋግረን ተለያየን።