ለክርስትና ምን ይዤ ልሂድ?

ጓደኛዎ ታኅሣሥ 15 ቀን ሴት ልጅ ወለደች እንበል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። የተወለደችበትን ዕለት አንድ ብለን ስንቆጥር 80ኛው ቀን መጋቢት 4 ይውላል። ይህ ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ስጦታ ከመግዛትዎ በፊት ቀን መቁጠሪያ ይግለጡ የምለው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ለክርስትና ቤት ቶሎ የሚታየው ኬክ ነው። በጾም ግን እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የገባበት ኬክ ለባለቤቶቹ ጭንቅ ይሆናል። አይበሉት፤ እንዳይመልሱት ደግሞ ያመጣው ወዳጅ ነው። ኬክ ካልሆነ የማይሆንልዎ ከሆነ የጾም ኬክ ብለው ይዘዙ። እኔ ብመርጥ ግን ቅቤ ያልነካው፣ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ። አንዳንድ ቤተሰብ በጾም ክርስትናውን አስነሥቶ ድግሱን ከፋሲካ በኋላ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሥርዓቱ ብቻ ነው ወይስ ድግሱም በዚያው ቀን ነው ብለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ ልብስ አለ። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ነገር የሚነሣው ከክርስትና እናቷ ድርሻ ነው። ሴት ልጅን የምታነሣው ሴት ናት፤ ከካህኑ እጅ ተቀብላ ታቅፋታለች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ለቤተሰቡ አበልጅ ትሆናለች። በብዙ ቤት ነጩን ልብስና የአንገት መስቀሉን የምታመጣው እሷ ናት። ሌላ ወዳጅ ከእሷ የበለጠ ያማረ ቀሚስ ይዞ ቢመጣ እናቲቱ የማንን እንደምታለብስ ይጨንቃታል። የልብሱ ነገር የእርስዎ ድርሻ ከሆነ ደግሞ ከውበቱ ይልቅ አሠራሩን ይመልከቱ። ሕፃኗ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ትጠመቃለች፤ ከዚያም ካህኑ ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ጀርባዋንና መገጣጠሚያዎቿን ጨምሮ 36 የሰውነት ክፍሎቿን ሜሮን ይቀባታል። የምታለቅስን ሕፃን በዚህ መካከል ማልበስና ማውለቅ ቀላል አይደለም። አንገቱ ሰፊ ወይም ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ለስላሳ ጥጥ የሆነ ነጭ ቀሚስ ይሻላል። ጥልፉ በወርቃማ ክር ከሆነ በእጅዎ ዳስሰው ይፈትሹት፤ የጥልፉ ጀርባ ሻካራ ከሆነ የሕፃን አንገት ይፍቃል። ድርሻው የእርስዎ ካልሆነ ግን ዓመት ሲሞላት የሚሆናትን የሐበሻ ቀሚስ ይግዙ። ከማንም ጋር አይጋጭም፤ የመጀመሪያ ልደቷ ላይም ትለብሰዋለች።

ሐብል ላይ ስም አስቀርጾ መስጠት የሚወድ ሰው አለ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የክርስትና ስሟን፣ ወለተ ማርያም ወይም ሌላ፣ ካህኑ የሚሰጣት በዚያው ቀን ነው። አስቀድሞ ተገምቶ የተቀረጸ ስም ሊሳሳት ይችላል፤ ከዚህም ሌላ የክርስትና ስም በአደባባይ እንዲጠራ የማይፈልጉ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ማስቀረጽ ከፈለጉ ክርስትና የተነሣችበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስቀርጹ፤ ጠርዙ የሾለ መስቀልም አይግዙ። ሐብሉ ልጅቷ እስክታድግ ይቀመጣል፤ አንገቷ ላይ የሚውለው ማተቧ ነው።

ሁሉም ሰው ለልጅቷ ሲያመጣ እናቲቱ ትረሳለች፤ ይህ ያሳዝነኛል። እሷ ከወለደች ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፤ ልጇን ታቅፋ የምትገባው በዚያ ቀን ነው። ከክርስትናው ጥቂት ቀን ቀድሞ የሚደርስ ጥሩ ነጭ ነጠላ የምትለብሰው ስጦታ ይሆናታል። በዕለቱ የሚሰጥ ከሆነ ለብሳው የመሄድ ዕድሉ ያልፋታል።

ገንዘብ መስጠት ነውር አይደለም፤ ድግስ ወጪ አለው። በፖስታ አድርገው፣ እንግዳ ፊት ሳይሆን፣ ለእናቲቱ ወይም ለአባትየው በእጅ ይስጡ። እምነትዎ ሌላ ከሆነም መሄድና መስጠት ይችላሉ፤ ዳቦ፣ የልጅ ልብስና ነጠላ ከማንም እጅ ያምራሉ። ሥዕለ አድኅኖና የጸሎት መጽሐፍ ግን ለክርስትና እናቷና ለዘመድ ይተዉላቸው፤ የሥዕሉ አሣሣል ሥርዓት ስላለው ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ሁሉ ተቀባይነት የለውም።

ለመምረጥ ከተቸገሩ ወላጆቹን አይጠይቁ፤ ይሉኝታ ይዟቸው «ምንም አታምጪ» ይሏችኋል። ለክርስትና እናቷ ይደውሉላት። ማን ምን እንደሚያመጣ የምታውቀው እሷ ናት።